ሐረጎ ላይ የተፈረመች ወረቀት፦ መድን ሰጪ የከፈለውን ካሳ ከጥፋተኛው ወገን ማስመለስ ለምን ይቸግረዋል?

ወረቀቷ ከተማሪ ደብተር የተገነጠለች ናት። በአንድ በኩሏ የሂሳብ የቤት ሥራ አለ፤ በሌላው በኩል በሰማያዊ እስክሪብቶ «ዛሬ ሐረጎ ላይ ለደረሰው ግጭት 15,000 ብር ተቀብያለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ አንጠያየቅም» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩም ሁለት ፊርማና የአንድ ሽማግሌ የጣት አሻራ። ይህች ወረቀት ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ ከ300 ሺህ ብር በላይ በሚጠየቅበት ፋይል ውስጥ ተያይዛ ትወጣለች። የጻፋት ሰው ይህ እንደሚመጣ አልጠረጠረም።

ለዓመታት የካሳ ፋይል ሳገላብጥ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ደጋግሜ አይቻለሁ። ከዚህ በታች የማወራው ጉዳይ ከብዙዎቹ ተውጣጥቶ የተቀናበረ ነው። ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ፤ አካሄዱ ግን የተለመደው ነው።

ጥር 12 ቀን 2015 የአንድ ደሴ ነዋሪ እህል ነጋዴ አይሱዙ ከከሚሴ ማሽላ ጭኖ ኮምቦልቻን አልፎ የሐረጎን ዳገት ይወጣል። ከላይ ባዶውን የሚወርድ ባለተሳቢ የጭነት መኪና ኩርባው ላይ ሲታጠፍ ተሳቢው ወደ ወጪው መስመር ተንሸራቶ የአይሱዙውን ጋቢና ግራ ጎንና የጭነት ሳጥኑን ጠርጎ አለፈ። ሰው አልተጎዳም። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ከለካ በኋላ የአካባቢው ሽማግሌዎች ሁለቱን ሹፌሮች ጥላ ሥር አስቀመጧቸው። «ልጆቼ፣ አላህ ነፍስ አትርፏል፤ ብረት ይጠገናል» ተባለ። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባለው አስታራቂ ሽማግሌ ደም ያደርቃል፤ ለመኪና ግጭት የሚሰበሰበው ሽምግልና ከዚያ ያነሰ ቢሆንም ከዚያው ልማድ የተቀዳ ነው። ሁለቱም ሳይቀያየሙ ተለያዩ። የባለተሳቢው ሹፌር 15 ሺህ ብር ሰጠ፣ የአይሱዙው ሹፌር ፈረመ፣ ገንዘቡንም ማታ ለባለመኪናው አስረከበ።

ነጋዴው ሙሉ የመድን ሽፋን ነበረው። በማግስቱ መድን ሰጪው ጋ ሄዶ አመለከተ፤ ስለ ወረቀቷ ግን ቃል አልተነፈሰም። ሊደብቅ ብሎ አይደለም። 15 ሺህ ብር ለእሱ የሹፌሮች ጉዳይ ነበር።

እዚህ ላይ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ያስፈልጋል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል አንቀጽ 683 መሠረት መድን ሰጪው የውሉን ካሳ ከከፈለ በኋላ፣ በከፈለው ገንዘብ ልክ በመድን ገቢው ተተክቶ ጉዳቱን ያደረሰውን ሦስተኛ ወገን መጠየቅ ይችላል። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ሌሎች የሕጉን ክፍሎች ቢተካም ይህን ክፍል አልነካውም። የሕግ ሰዎች ይህን «የዳረጎት መብት» ይሉታል። ቃሉ ለተራ ሰው ግር ይላል፤ በቤታችን ዳረጎት ማለት ከማዕድ ተቆርሶ ለሌላ የሚሰጥ ድርሻ ነውና። ግን ሲያስቡት ያን ያህልም ሩቅ አይደለም፤ መድን ሰጪው የሚበላው ከመድን ገቢው ማዕድ የተቆረሰለትን ነው። ማዕዱ ላይ ያልነበረ ነገር አይደርሰውም።

ይህቺ የመጨረሻዋ ነጥብ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናት። መድን ሰጪው አዲስ መብት ይዞ አይመጣም። መድን ገቢው በጥፋተኛው ላይ የነበረውን መብት ከነእንከኑ ይቀበላል። መድን ገቢው ከፊሉን ይቅር ካለ ይቅር ያለው ሄዷል። ይርጋው፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው ጊዜ ገደብ፣ መቆጠር ከጀመረ፣ ለመድን ሰጪውም የሚቆጠረው ከዚያው ቀን ጀምሮ ነው። እዚያው አንቀጽ ላይ የመድን ገቢው ድርጊት ይህን መተካት የማይቻል ካደረገው መድን ሰጪው ካሳውን በሙሉ ወይም በከፊል ላለመክፈል ሊከራከር እንደሚችል ተቀምጧል። ስለዚህ የደብተሯ ወረቀት ሁለት አፍ አላት፤ አንዱ ጥፋተኛውን ይከላከላል፣ ሌላው ራሱን ነጋዴውን ሊነክስ ይችላል።

ለጊዜው ወረቀቷን ወደ ጎን እንተዋትና ሂሳቡን እንሥራ።

ገማቹ አይሱዙውን ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ አየው፤ ከሦስት ጋራዦች ዋጋ ተሰበሰበ፣ የጥገናው ወጪ 340 ሺህ ብር ሆኖ ጸደቀ። በውሉ መሠረት የመድን ገቢው የራስ ድርሻ 20 ሺህ ነበር፤ መድን ሰጪው 320 ሺህ ብር ለጋራዡ ከፈለ። የተቀየረው በርና ጋቢና በቁራጭ ብረትነት 14 ሺህ ብር ተሸጠ። እንግዲህ መድን ሰጪው በእውነት ከኪሱ የወጣው 306 ሺህ ነው። የነጋዴው 20 ሺህ ሲጨመር የአይሱዙው የተጣራ ጉዳት 326 ሺህ ይሆናል።

ብዙ የማስመለሻ ደብዳቤ የሚበላሸው እዚህ ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ 340 ሺህውን እንዳለ ይጠይቃል፣ የቁራጭ ብረቱን ሽያጭ ይረሳል። ሌላው የገማቹን ክፍያና የሠራተኞቹን አበል ይጨምርበታል። የገማቹ ክፍያ ግን መድን ሰጪው ለራሱ ሥራ ያወጣው ወጪ እንጂ ለመድን ገቢው የከፈለው ካሳ አይደለም፤ ሕጉ የሚለው «በከፈለው ካሳ ልክ» ነው። ተቃራኒው ወገን እንዲህ ያለች ትንሽ ትርፍ ቁጥር ካገኘ ሙሉውን ስሌት አላምንም ለማለት ይጠቀምባታል። የነጋዴው የራስ ድርሻና መኪናው የቆመባቸው ቀናት ገቢም የነጋዴው ናቸው። መድን ሰጪው አልከፈላቸውምና በእነሱ ላይ አልተተካም። በአንድ ደብዳቤ አብረው ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ግን የነጋዴው ውክልና ተያይዞ፣ በተለየ መስመር መጻፍ አለባቸው።

ደብዳቤው የሚጻፈው ለማን ነው? የጭነት መኪናው መስታወት ላይ የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት ተለጥፏል፤ ነጋዴው በስልኩ አንስቶት ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው ለዚያ መድን ሰጪ ተላከ፣ ለመኪናው ባለቤትም ግልባጭ ተደረገ። በሃያኛው ቀን የመጣው የመጀመሪያው መልስ አጭር ነበር፦ ጉዳቱን ያደረሰው ተሳቢው ነው፣ ተሳቢው የራሱ ሰሌዳ አለው፣ በእኛ ዘንድ የተመዘገበው የፊተኛው መኪና ብቻ ነው። ይህ እውነት ነው ወይስ ማምለጫ? በከፊል እውነት ነው። ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ ያለው ስለሆነ፣ ከመነሻው የሁለቱንም ሰሌዳና የሁለቱንም የመድን ውል ቁጥር መጻፍ ግድ ነበር። በፎቶው ውስጥ የኋላው ሰሌዳ አልነበረም። ከትራፊክ ፖሊስ መዝገብ ወጥቶ ደብዳቤው እንደ ገና ተጻፈ፤ በዚህ ብቻ ሁለት ወር ሄደ።

ሁለተኛው መልስ ከበድ ያለ ነበር፦ «ግጭቱ በሁለት ተሽከርካሪዎች መካከል የተፈጠረ በመሆኑ ኃላፊነቱ እኩል ነው።» ይህ ክርክር ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2084 የተወሰደ ነው። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል፤ እያንዳንዱ ባለቤት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል። ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንዱ ሹፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው።

«ግማሽ» ሲባል ብዙ ሰው የራሴን ጉዳት ግማሽ አገኛለሁ ይላል። ስሌቱ እንደዚያ አይደለም። ለሁለት የሚካፈለው የሁለቱም መኪና ጉዳት ተደምሮ ነው። የተሳቢው ጥገና 90 ሺህ ብር ወጥቶበታል እንበል። የአይሱዙው 326 ሺህ ሲጨመር 416 ሺህ ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ድርሻ 208 ሺህ። የአይሱዙው ወገን 326 ሺህ ተጎድቶ 208 ሺህውን ራሱ ስለሚሸከም የሚመለስለት 118 ሺህ ብር ብቻ ነው። ከ326 ሺህ ወደ 163 ሺህ ሳይሆን ወደ 118 ሺህ ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ የጥፋተኝነት ማስረጃው ደብዳቤው ላይ አንድ አንቀጽ የሚይዝ ጌጥ አይደለም፤ ከ200 ሺህ ብር በላይ ዋጋ አለው።

ማስረጃው ምን ነበር? የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ ጽሑፍ አልረዳም። መንስኤውን «የጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ አልፎታል፤ የማን ጉድለት እንደሆነ አልተናገረም። እንዲህ ዓይነቱን ሪፖርት ያየ አንዳንድ የካሳ ሠራተኛ ተስፋ ቆርጦ በግማሹ ይስማማል። ከሪፖርቱ ጋር የተያያዘውን ንድፍ ያየ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ፖሊሱ ሐረጎ ላይ ሜትር ዘርግቶ ነበር። የመንገዱ ስፋት 7 ሜትር። የግጭቱ ነጥብ፣ ማለትም የተሰበረው መስታወትና የተፋቀው ቀለም የወደቀበት ቦታ፣ ከወጪው መኪና ቀኝ ጠርዝ 2 ሜትር ከ80 ሳንቲሜትር ላይ። የመንገዱ እኩሌታ 3 ሜትር ተኩል ነው። እንግዲህ ግጭቱ የደረሰው በአይሱዙው መስመር ውስጥ፣ ከመካከለኛው መስመር 70 ሳንቲሜትር ገባ ብሎ ነው። ባዶ ተሳቢ ቁልቁለት ላይ በኩርባ ሲፈጥን የኋላው እንደሚወናጨፍ መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር ሁሉ ይመሰክራል፤ ንድፉ ደግሞ ያንን በቁጥር አስቀምጦታል። በሦስተኛው ደብዳቤ ላይ የሪፖርቱ ጽሑፍ ተትቶ ይህ ንድፍ ፊት ለፊት ተቀመጠ። የተቃራኒው ወገን መድን ሰጪ ስለ ግማሽ ዳግመኛ አላነሳም።

ግን የሽፋን ጣሪያውን ጉዳይ አነሳ። በ2005 የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው የሽፋን ጣሪያ 100 ሺህ ብር ነበር። ጣሪያው ከጊዜ በኋላ በወጣ ደንብ ከፍ ተደርጓል፤ አደጋው የደረሰው ግን በ2015 ስለሆነ የሚገዛው ያኔ የነበረው ነው። የጭነት መኪናው ባለቤት ከግዴታው በላይ ተጨማሪ ሽፋን አልገዛም። እንግዲህ የእሱ መድን ሰጪ ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ ቢቀበል እንኳ ከ100 ሺህ በላይ አይከፍልም። የቀረውን የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነውና።

ይህ ክፍተት አሁን ካለፉት ዓመታት ይልቅ የሚሰማው በመለዋወጫ ዋጋ ምክንያት ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጋቢናና መብራት የሚገዛበት ብር ሌላ ሆኗል። በጣሪያ የታሰረ ሽፋን እንዲህ ባለው ገበያ ውስጥ በየዓመቱ እየጠበበ ይሄዳል። ሌላም ነገር አለ። መድን ሰጪው የሚያስመልሰው የከፈለውን ብር ነው፤ በ2015 የከፈለውን በ2017 ቢቀበል ያው ቁጥር ያንኑ ጋቢና አይገዛም። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ በሕግ የተወሰነው የ9 በመቶ ዓመታዊ ወለድ መጠየቅ አለበት። በ306 ሺህ ላይ በዓመት 27,540 ብር ነው። የዋጋ ንረቱን አያካክስም፤ ግን ካልተጠየቀ እሱም የለም።

አሁን ወደ ወረቀቷ እንመለስ፤ ምክንያቱም በአራተኛው መልስ ላይ ብቅ ያለችው እሷ ናት። የመኪናው ባለቤት ግልባጩ ሲደርሰው ሹፌሩን ጠየቀ፣ ሹፌሩም ከኪሱ ቦርሳ አወጣት። «አንጠያየቅም ተባብለናል፤ ሽማግሌ ምስክር አለ።»

የነጋዴው መድን ሰጪ የመጀመሪያ መከላከያው ይህ ነበር፦ የፈረመው ሹፌሩ ነው፣ ሹፌር ባለመኪናውን ወክሎ ሙግት የመተው ሥልጣን የለውም። ጥሩ መከላከያ ነው፤ እንዲህ ያለ እርቅ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ችግሩ ባለመኪናው ገንዘቡን ተቀብሏል። ሳይስማማ የቀረ ሰው ገንዘቡን ይመልሳል ወይም ቢያንስ «ይህን አልቀበልም» ይላል። እሱ ዝም ብሎ ኪሱ ከተተ፤ ዝምታውም የሹፌሩን ፊርማ እንደማጽደቅ ሊቆጠር ይችላል። መድን ሰጪው ሁለተኛ መከላከያ አቀረበ፦ 15 ሺህ ብር ለዚህ ጉዳት ካሳ ሊሆን አይችልም፣ በቦታው የተዳኘው የሚታየው ጭረት እንጂ በኋላ ጋራዥ የተገኘው ጉዳት አይደለም። ይህም የሚያስኬድ ነው፣ ግን ዳኛ ፊት የሚወሰን ነው እንጂ በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ እንዳይመጣ የሚያደርግ አንድ ቀላል ነገር ነበር፤ ብዙ የካሳ ክፍል ግን አይሠራውም። የመተካት መብት የሚወለደው ካሳው ሲከፈል ነው፤ ከዚያ በፊት የሚላክ የገንዘብ ጥያቄ «ገና ያልከፈልከውን ትጠይቃለህ» ይባላል። ቢሆንም አደጋው በተመዘገበ በሳምንቱ ለጥፋተኛው ወገንና ለመድን ሰጪው አንዲት ባለሦስት መስመር ማሳወቂያ መላክ ይቻላል፦ ይህ መኪና እኛ ዘንድ መድን አለው፣ ካሳ ስንከፍል በእናንተ ላይ እንጠይቃለን፣ ከባለንብረቱ ጋር የምታደርጉት ማንኛውም ስምምነት እኛን ሳታሳውቁ አይሁን። ይህን ተቀብሎ ከዚያ በኋላ በጎን እርቅ የፈጠረ ወገን በቅን ልቦና ነው ያደረግሁት ለማለት ይቸገራል። በዚህ ጉዳይ ወረቀቷ የተጻፈችው በዚያው ቀን ስለሆነ ማሳወቂያው አይደርስባትም ነበር፤ ነገር ግን ነጋዴው ሲያመለክት «በቦታው የተሰጠ ወይም የተቀበሉት ገንዘብ አለ? የፈረሙት ወረቀትስ?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ ካሳው ሳይከፈል በፊት ይታወቅ ነበር። ብዙ የማመልከቻ ቅጽ ስለ መንጃ ፈቃድና ስለ ጭነቱ ዓይነት ይጠይቃል። በወሎ መንገድ ላይ ከሁለቱም በላይ ወሳኝ የሆነውን ይህን ጥያቄ ግን አይጠይቅም። ሽምግልናው ይቁም ማለቴ አይደለም። ሽማግሌዎቹ «የመድን ጉዳይ እንዳለ ሆኖ» የምትል አራት ቃል ቢጨምሩ ወረቀቷ ማንንም አትጎዳም።

በዚህ ሁሉ ደብዳቤ መሐል ቀኑ ይሄዳል። ከውል ውጪ በደረሰ ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ድርጊቱ በወንጀል ሕግ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ጥፋት ካልሆነ በቀር። የሚቆጠረው ከአደጋው ቀን እንጂ መድን ሰጪው ከከፈለበት ቀን አይደለም። በእኛ ጉዳይ ካሳው የተከፈለው በሰኔ 2015 ነው፤ ይርጋው ግን ጥር 2017 ላይ ይሞላል። ይህን ልብ ያላለ የካሳ ሠራተኛ ከሰኔ ቆጥሮ አምስት ወር ያተርፋል፤ ያተረፈው ግን የለም። ደብዳቤ ደግሞ፣ የቱንም ያህል ማህተም ይኑረው፣ ይርጋን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው በፍርድ ቤት ክስ መመሥረት ወይም ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ ነው። የተቃራኒው ወገን መድን ሰጪዎች ይህን ያውቃሉ፤ «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው» የምትለዋ መልስ በሦስት ወር አንድ ጊዜ የምትመጣው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኅዳር 2017 ላይ ክሱ ተዘጋጅቶ ሳለ የጭነት መኪናው ባለቤት ራሱ ደሴ መጣ። ክርክሩ የተጠናቀቀው በቢሮ ውስጥ፣ ሻይ ቀርቦ ነው። የእሱ መድን ሰጪ 100 ሺህውን ለመክፈል ተስማማ። ባለቤቱ ከኪሱ 120 ሺህ ብር በአራት ወር ሊከፍል ፈረመ፤ የሰነዱ የመጀመሪያ መስመርም ዕዳውን ማመኑን የሚገልጽ ነበር፣ ይርጋው እንዲቋረጥ ሆን ተብሎ የተጻፈ። የነጋዴው መድን ሰጪ ከ306 ሺህ 220 ሺህውን አገኘ፤ ቀሪው ለወረቀቷ ጥርጣሬ የተከፈለ ዋጋ ተብሎ ተዘጋ። በሹፌሩ በኩል የተቀበለው 15 ሺህ ብር ከነጋዴው የራስ ድርሻ ጋር ተቻቻለ። ነጋዴው አሁንም 5 ሺህ ብርና መኪናው ጋራዥ የቆመባቸው አምስት ወራት ይጎድሉታል፤ በሰነዱ ላይ ግን ስለ እሱ የተጻፈ መስመር የለም።